ጥንብ አንሳ ሰማይ ላይ የሚዞረው ለምንድን ነው?

ጥንብ አንሶች ሲዞሩ በታዩ ቁጥር «እዚያ ስር የሞተ ነገር አለ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የለም፤ ወፎቹ ከፍታ እየሰበሰቡ ነው።

ፀሐይ መሬትን እኩል አታሞቅም። ይበልጥ የጋለው ቦታ ላይ ያለው አየር እንደ ዓምድ ወደ ላይ ይነሳል። ጥንብ አንሳ ከባድ ስለሆነ ክንፉን ማርገብገብ ቶሎ ያደክመዋል፣ ስለዚህ ክንፉን ዘርግቶ ከዓምዱ ላለመውጣት ይዞራል። አየሩ በሴኮንድ 3 ሜትር ቢነሳና ወፉ በዚያው አየር ውስጥ በሴኮንድ 1 ሜትር ዝቅ ቢል፣ ትርፉ 2 ሜትር ነው። በ5 ደቂቃ 600 ሜትር ወጣ ማለት ነው፣ ክንፉን ሳያርገበግብ! ጠዋት መሬቱ ሳይሞቅ ብዙም የማይበሩትም ለዚህ ነው።

ታዲያ ጥንቡ ጋ እንዴት ይሰበሰባሉ? ከላይ ሆነው መሬቱን ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ይተያያሉ። አንዱ ጥንብ አይቶ ቁልቁል ሲወርድ ጎረቤቱ ያየዋል፣ እሱን ደግሞ ሌላው ያየዋል፣ እንዲህ እያለ ከሩቅ ያሉትም ይደርሳሉ።

መለየቱ ቀላል ነው። እየዞሩ ከፍ ካሉ፣ ከነፋሱ ጋር ከተንሸራተቱና በመጨረሻ ቀጥ ብለው ከሄዱ መንገደኞች ናቸው። ከተለያየ አቅጣጫ መጥተው እግራቸውን አንጠልጥለው አንድ ቦታ ከወረዱ ግን ምግብ አለ። አንዳንዴ ከመውረዳቸው በፊት ዝቅ ብለው ይዞራሉ፣ አካባቢው ሰላም መሆኑን ሊያዩ።

እንደ ዝርያው የሚለያየው ማሽተቱ ነው። የአፍሪካ፣ የአውሮፓና የእስያዎቹ በዓይናቸው ነው የሚፈልጉት። በአሜሪካ አህጉራት ያለው ራሰ ቀይ ጥንብ አንሳ ግን ዛፍ የሸፈነውንም ጥንብ አሽትቶ ያገኛል።