ማንቁርት፣ የድምፅ አውታሮችና ደረት ደርሶ የሚመለሰው ነርቭ

ጣታችሁን አንገታችሁ ፊት ላይ አድርጉና ምራቅ ዋጡ። ከጣታችሁ ሥር ወደ ላይ ወጥቶ የሚመለሰው ጠንካራ ነገር ማንቁርት ነው። ከምላስ ሥር በታች፣ ከአየር ቧንቧ በላይ ይገኛል። ድምፃችን የሚወጣው ከዚህ ነው። ቀዳሚ ሥራው ግን ሌላ ነው። ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ እንዳይገባ በር ይጠብቃል። የሚያዘው ነርቭ ሲጎዳ ድምፅ ብቻ ሳይሆን መዋጥም መተንፈስም የሚታወከው በዚህ ምክንያት ነው።

ማንቁርት የተሠራው ከ9 ልም አጥንቶች ነው። ሐኪሞች ካርቲሌጅ ይሏቸዋል። ጆሯችንን ስንነካ እንደሚሰማን ዓይነት፣ ከአጥንት የሚለሰልስ ግን ቅርፁን የሚይዝ ነገር ነው። ዘጠኙንም መሸምደድ አያስፈልግም። የድምፅን ነገር ለመረዳት ሦስቱን ዓይነት ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያው ታይሮይድ ነው። ስሙ ጋሻ መሰል ማለት ነው። ሁለት ሰፋፊ ገጾች ፊት ለፊት ተጋጥመው የተከፈተ መጽሐፍ ጀርባ ይመስላሉ። በወንዶች መጋጠሚያው ወደ 90 ዲግሪ ስለሚጠጋ ሾል ብሎ ይታያል። በሴቶች ወደ 120 ዲግሪ ስለሚሰፋ ብዙም አይታይም። ይህን ከታይሮይድ ዕጢ ጋር ማምታታት ቀላል ነው። ዕጢው ከልም አጥንቱ ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧውን አቅፎ የተቀመጠው ነው። እንቅርት የሚሆነውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ክሪኮይድ ይባላል። ማኅተም እንዳለው የጣት ቀለበት ነው፤ ከፊት ቀጭን፣ ከኋላ ሰፊ። በመላው የአየር መንገዳችን ላይ ዙሪያውን የተዘጋ ቀለበት እሱ ብቻ ነው። በሰፊው የኋላ ጠርዝ ላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ፒራሚዶች ተቀምጠዋል። አሪቴኖይድ ይባላሉ። የጨዋታው ቁልፍ እነሱ ዘንድ ነው። ይዞራሉ፣ ይንሸራተታሉም። የድምፅ አውታሮቹ አንዱ ጫፍ ከታይሮይድ ውስጠኛ ፊት ላይ፣ ሌላው ጫፍ ከእነዚህ ፒራሚዶች ጋር ተያይዟል። ፒራሚዶቹ ወደ ውስጥ ሲዞሩ አውታሮቹ ይገጥማሉ። ወደ ውጭ ሲዞሩ ይለያያሉ።

አውታር ስንል የክራር ጅማት ዓይነት ነገር ይታየናል። እውነታው እጥፋት ነው። ከውስጥ ጡንቻ አለ። በላዩ ጅማት፣ ከዚያ እንደ ረጋ ፈሳሽ የላላ ንብርብር፣ ከሁሉ በላይ ስስ ሽፋን። በአዋቂ ወንድ ርዝመቱ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ በሴት ያንሳል። ከሳንባ የሚመጣ አየር የተገጠሙትን እጥፋቶች ገፍቶ ይከፍታል፤ ወዲያው መልሰው ይገጥማሉ። ይህ በተለመደ ንግግር ወንድ ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ ወይም ትንሽ በለጥ ብሎ፣ ሴት ላይ 200 ጊዜ ገደማ ይደጋገማል። አንጎል እያንዳንዷን ንዝረት አያዝም። የነርቭ ሥራ አውታሮቹን ማቀራረብና መወጠር ነው። የቀረውን አየሩና የእጥፋቱ ልስላሴ ይሠሩታል። ስለዚህ ነርቭ ሲጎዳ የሚጠፋው ንዝረቱ ሳይሆን ለንዝረት የሚያስፈልገው አቀማመጥ ነው።

አውታሮቹን የሚያገጥሙ ጡንቻዎች በርከት ይላሉ። የሚከፍተው ግን አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ በክሪኮይድ ጀርባ ላይ ይገኛል። በተጨማሪ ፊት ለፊት፣ በክሪኮይድና በታይሮይድ መካከል፣ አንድ ጥንድ አለ። ይህኛው ሲኮማተር አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወጠራሉ፣ ድምፁም ይቀጥናል።

አሁን ወደ ነርቩ። ሁሉም ትእዛዝ የሚመጣው ቬገስ ከሚባለው ትልቅ ነርቭ ነው። ቬገስ ከራስ ቅል ወጥቶ በአንገት በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ገና ላይ ሳለ አንድ ቅርንጫፍ ይሰጣል፤ ላይኛው የማንቁርት ነርቭ ነው። ይህም ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከአውታሮቹ በላይ ላለው ክፍል ስሜት ይሰጣል። ጠብታ ውሃ ስታመልጥ ትን የሚለን በእሱ ነው። ሁለተኛው ያንን ድምፅ አቅጣኝ ጡንቻ ያዛል። የተቀሩትን የማንቁርት ውስጥ ጡንቻዎች፣ የሚከፍተውንም የሚያገጥሙትንም፣ የሚያዘው ሌላ ቅርንጫፍ ነው። ስሙም ተመላሽ ነርቭ ነው።

ተመላሽ የተባለው እውነትም ስለሚመለስ ነው። ማንቁርቱን አልፎ ይወርዳል። በቀኝ በኩል ወደ ክንድ የሚሄደውን ደም ሥር ከሥር ዞሮ ይመለሳል። በግራ በኩል ደግሞ ደረት ውስጥ ገብቶ፣ ከልብ የሚነሳውን የአኦርታን ቅስት ዞሮ፣ ወደ አንገት ይወጣል። ከዚያ ሁለቱም በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል ባለው ቦይ አድርገው፣ በታይሮይድ ዕጢ ጀርባ አልፈው ማንቁርት ይገባሉ። ይህ ሁሉ ዙር ለምን? ፅንስ ሳለን አንገት የለንም ማለት ይቻላል። ነርቩ በደም ሥሮቹ ሥር አድርጎ በአቋራጭ ያልፋል። በኋላ ልብ ወደ ደረት ሲወርድ ደም ሥሮቹ ነርቩን ጎትተውት ይወርዳሉ። ቀጭኔም ያው ነው፤ ነርቩ ያን ሁሉ አንገት ወርዶ እንደገና ይወጣል።

የዚህን ነርቭ ሥራ መጀመሪያ ያሳየው በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪሙ ጋሌን ነው። የሚጮህ አሳማ አንገት ላይ ነርቩን ሲያስር ጩኸቱ ቀጥ አለ።

ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ማለፉ ነው ለእኛ አገር ሰው ጉዳዩን ቅርብ የሚያደርገው። የአዮዲን እጥረት ባለበት ደጋ እንቅርት ብርቅ አይደለም። ዕጢው ሲያድግ ነርቩን ይገፋዋል፣ ይወጥረዋል፣ ከተለመደ ቦታውም ያርቀዋል። ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው ነጭ ክር የሚመስል ቀጭን ነገር ነው። ጥንቃቄው ነርቩን በዓይን ፈልጎ ማግኘትና እስከ ማንቁርቱ መግቢያ ድረስ መከተል ነው። ሳያዩ ከመቁረጥ የከፋ ነገር የለም።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የ42 ዓመት መምህርት እንቅርቷ ወጣላት እንበል። በማግስቱ ድምፅዋ ሻካራ ነው። ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። ለማደንዘዣ ጉሮሮ ውስጥ የገባው ቱቦም ለጥቂት ቀናት ድምፅ ይዘጋል። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ግን አልተሻላትም። ድምፅዋ ትንፋሽ ትንፋሽ ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለቴ መተንፈስ አለባት። ውሃ ስትጠጣ ትን ይላታል፤ ወፍራም ምግብ ግን ደህና ይወርዳል። ስታስል ሳሉ ጉልበት የለውም። በአንድ ትንፋሽ «ኣ» በይ ስትባል ከ6 ሰከንድ አላለፈችም። ጤነኛ ሰው 15 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይይዛል።

ሁሉም ምልክት ወደ አንድ ነገር ይጠቁማል፤ አየር እያመለጠ ነው። በአፍንጫ ቀጭን ካሜራ ገብቶ ሲታይ የግራ አውታሯ ከመሃል ትንሽ ወጣ ብሎ ቆሟል። የቀኙ ይመጣል፣ ግን አይደርስበትም። ሁለት እጅ ሲያጨበጭብ አንዱ ከቀረ ማለት ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ነርቩ ተቆርጧል ወይስ ተወጥሯል የሚለው ነው። ሐኪሙ በቀዶው ጊዜ ነርቩን ሳይቆረጥ አይቶት ከነበረ ተስፋው ትልቅ ነው። የተወጠረ ነርቭ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይነቃል። የተቆረጠ ነርቭ ግን፣ ቢበቅልም እንኳ፣ ክሮቹ መንገድ ይስታሉ። ለመክፈቻው የታሰበው መዝጊያው ውስጥ ይገባል። ሁለቱ እኩል ሲጎትቱ አውታሩ ካለበት አይነቃነቅም። ነገሩ ሁልጊዜ ኪሳራ አይደለም። ጡንቻው ነርቭ ስላገኘ አይሟሽሽም፤ ድምፅም ከዜሮ ይሻላል።

መምህርቷ እየጠበቀች የድምፅ ልምምድ ታደርጋለች። አውታሩ ውስጥ ስብ ወይም ጄል መሰል ነገር በመርፌ ሊሞላላትም ይችላል። ያበጠው አውታር ወደ መሃል ስለሚጠጋ ድምፁ በዚያው ቀን ሊለወጥ ይችላል። ጄሉ በወራት ውስጥ ይሟሟል፤ ያ ጊዜ ደግሞ ነርቩ የሚነቃበት ነው። ዓመት ገደማ አልፎ ምንም እንቅስቃሴ ካልታየ ቋሚ መላ ይፈለጋል። ጃፓናዊው ሐኪም ኢሺኪ በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ታይሮይድ ልም አጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት ከፍቶ፣ በዚያ በኩል አውታሩን በሽብልቅ ወደ መሃል መግፋት ነው። ሕመምተኛዋ ነቅታ ስለምትናገር ሐኪሙ ልኩን በጆሮው ሰምቶ ያስተካክላል።

ሁለቱም ነርቮች አንድ ላይ ሲጎዱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ቤተሰብም አንዳንዴ ባለሙያም ይሳሳታል። ሁለቱ አውታሮች መሃል አካባቢ ተቀራርበው ይቀራሉ። ስለዚህ ድምፅ ደህና ሊሆን ይችላል። የሚጨንቀው መተንፈሱ ነው። ወደ ውስጥ ሲተነፍሱ ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሲራመዱ ይብሳል። የማደንዘዣው ቱቦ እንደወጣ ወዲያው ከመጣ ሕይወት ላይ ይደርሳል። አንገት ላይ ቀዳዳ ከፍቶ መተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ያስፈልግ ይሆናል። «ድምፅዋ ጥሩ ነው» የሚለው ቃል እዚህ ማጽናኛ አይደለም።

የላይኛው ነርቭ ጉዳት ደግሞ ድብቅ ነው። ለተራ ወሬ ብዙም አይታወቅም። ሰውዬው ቀጭን ድምፅ ማውጣት ያቅተዋል፤ መጣራት ይከብደዋል፤ እስከ ማታ ድምፁ ይደክማል። ለዘፋኝና ለመርጌታ ግን እንጀራን የሚነካ ነገር ነው። በቀዶ ሐኪሞች ዘንድ የምትነሳው የኦፔራ ዘፋኟ አሜሊታ ጋሊ ኩርቺ ናት። በ1935 እ.ኤ.አ. እንቅርቷ ከወጣ በኋላ ቀድሞ የምትታወቅበት ከፍተኛ ድምፅ እንደጠፋ ለአሥርት ዓመታት ሲነገር ኖሯል። በኋላ የመረመሩት ሐኪሞች ግን ድምፅዋ ከቀዶው በፊትም እየወረደ እንደነበር አሳይተው ታሪኩን ተጠራጥረውታል። ይህን ነርቭ ለማዳን ሐኪሙ የዕጢውን የላይኛ ጫፍ ደም ሥር በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ አያስርም። ወደ ዕጢው ተጠግቶ፣ አንድ በአንድ ለይቶ ያስራል።

ቀዶ ሕክምና ሳይኖር የግራ አውታር ከቆመ ዓይን ወደ ደረት መዞር አለበት። ግራው ተመላሽ ነርቭ ደረት ውስጥ ረጅም መንገድ አለው። የሳንባ ካንሰር፣ በቲቢ ያበጡ ዕጢዎች ወይም ያበጠ አኦርታ ሊጫኑት ይችላሉ። በሪህ ልብ ሕመም የጠበበ ቫልቭም እንዲሁ። ጉንፋን ሳይኖር ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር በካሜራ መታየት ያለበት ለዚህ ነው። የኦስትሪያው ሐኪም ኖርበርት ኦርትነር በ1897 እ.ኤ.አ. የገለጸው ይህንኑ የጠበበውን ቫልቭ ነገር ነበር። ቫልቩ ሲጠብ የልብ ግራ ላይኛ ክፍል ያብጣል፤ ከላዩ ያሉት ደም ሥሮችም ይወጠራሉ። በመካከላቸው የሚያልፈው ነርቭ ይጨፈለቃል፤ ሕመምተኛውም ድምፁ ጠፍቶበት ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ደረቱ ላይ ጆሮ ሲደረግለት የሚሰማው ድምፅ ከጉሮሮው ይልቅ ምስጢሩን ይናገራል። ቫልቩ በጊዜ ከታከመ ደግሞ ድምፁ የሚመለስለት አለ።