ዳግም ሰላምታ ምንድን ነው? መልሱስ ወሬውን ይቀጥላል ወይስ እንደ አዲስ ይጀምራል?

ሁለት ሰዎች በቴሌግራም ሲጻጻፉ ቆይተው አንዱ ለሰዓታት ይጠፋል። ሲመለስ ያው ገጽ ላይ፣ ከራሱ የቀድሞ መልእክት ሥር፣ «ሰላም፣ እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ይጽፋል። ዳግም ሰላምታ የምንለው ይህንን ነው፤ ሳይቋጭ በቆየ ወሬ መሃል የሚገባ ሁለተኛ ሰላምታ። የሚያስቸግረው ሰላምታው ሳይሆን መልሱ ነው። ተቀባይዋ ሰላምታውን ብቻ ትመልስ? ወሬውን ካቆመበት ታንሳ? ወይስ አዲስ ጉዳይ እስኪመጣ ትጠብቅ?

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ አለው፤ መልሱም ያለው ግሱ ውስጥ ነው። «እንደምን አደርሽ» ስለ ሌሊቱ ይጠይቃል፣ «እንዴት ዋልሽ» ስለ ቀኑ፣ «እንዴት አመሸሽ» ስለ ምሽቱ። ቀናት ካለፉ «ሰነበትሽ» ይመጣል፤ ቃሉ ከሰንበት ጋር ዘመድ ነው። ከዚያም ከራቀ «ከረምሽ» እንላለን፤ ይኸኛው የክረምት ዘመድ ነው። ሁሉም ስላለፈ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ከተለያየን ወዲህ ያለውን ክፍተት እንዴት አሳለፍሽው እንደማለት ነው። ስለዚህ አንድ ግስ ለአንድ ክፍተት አንዴ ብቻ ይበቃል። ጠዋት ቢሮ በር ላይ «እንደምን አደርክ» ያልነውን ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝተን ያንኑ ብንደግምለት ግር ይለዋል፤ ስለ አንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ መጠየቅ የፊተኛውን መልስ እንደ መርሳት ነውና። ከምሳ በኋላ ግን «እንዴት ዋልክ» ብንለው ምንም አይደለም፤ አዲስ ክፍተት ስላለ ጥያቄውም አዲስ ነው። «ሰላም» እና «ጤና ይስጥልኝ» ጊዜ አይቆጥሩም። ጽሑፍ ላይ ከሦስት ሰዓት በኋላ ብቻውን የመጣ «ሰላም» ይቀጥል ይጀምር የማይለየውም ለዚህ ነው።

ግሱ ክፍተቱን ይነግረናል እንጂ ወሬው መዘጋቱን አይነግረንም። መዘጋቱ የሚታወቀው ከክፍተቱ በፊት ከተጻፈው የመጨረሻ መስመር ነው። እዚያ «እሺ፣ አመሰግናለሁ፣ ደህና እደሪ» ካለ ወሬው ተቋጭቷል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰላምታም አዲስ በር ማንኳኳት ነው። መልስ ያልተሰጠው ጥያቄ ካለ ግን ወሬው ክፍት ነው፤ ሰላምታውም አብዛኛውን ጊዜ ጨዋ ማስታወሻ ነው። እኛ ዘንድ «ለምን አልመለስሽልኝም?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ይከብዳል፤ «እንዴት ዋልሽ?» ያንን ሸክም በለስላሳ ይዞለት ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሰላምታውን ብቻ መልሶ ዝም ሲል ጠያቂው እንደተሸሸ ይሰማዋል።

በ1973 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ሼግሎፍና ሳክስ የተባሉ የንግግር አጥኚዎች ወሬ እንዴት እንደሚዘጋ ሲጽፉ አንድ ነገር ለይተው አስቀምጠዋል። አንድ ቤት የሚኖሩ፣ አንድ ክፍል የሚሠሩ፣ በአንድ መኪና የሚጓዙ ሰዎች ወሬያቸው ቢቋረጥም እንደገና ሲናገሩ ሰላምታ አያስፈልጋቸውም፤ ሲያቆሙም ስንብት የለም። የስልክ ጽሑፍ አብሮ በመኖርና ተገናኝቶ በመለያየት መካከል ወድቋል። ገጹ እንደ አንድ ቤት ሁሌም ክፍት ነው፤ ሰዎቹ ግን ወጥተው ይሄዳሉ። ግራ መጋባቱ ከዚህ ይመጣል።

አንድ ጉዳይ ከነሰዓቱ እንይ። ሰዓቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ሴትና ዋሽንግተን የምትኖር ደንበኛዋ በታኅሣሥ ይጻጻፋሉ። በዚያ ወቅት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ በበጋቸው ልዩነቱ 7 ነው። ሰኞ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ እዚያ እኩለ ቀን፣ ደንበኛዋ እንዲህ ጻፈች፦ «ቁመቱ 140 ይሁን፣ ጥለቱ አረንጓዴ። ለጥምቀት ይደርሳል?» ባለሱቋ ዘግታ ስለነበር አላየችውም። ደንበኛዋ ማታ በእሷ 2 ሰዓት፣ በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ «ሰላም፣ እንዴት ነሽ?» ስትል ጨመረች። ባለሱቋ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ስልኳን ከፈተች።

ከታች ያለውን ሰላምታ ብቻ አይታ «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ብላ ብትመልስ ደንበኛዋ ተኝታለች፤ እዚያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ስትነሳ፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ «ደህና፣ ተመስገን» ትላለች። ባለሱቋ «ምን ልታዘዝ?» ትላለች። ደንበኛዋ ይህን በምሳ ዕረፍቷ ስታየው አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። ከጥያቄው 24 ሰዓት አለፈ፤ ስለ ቀሚሱ አንድም ቃል አልተባለም፤ ደንበኛዋም ጥያቄዬ ተነቦ ይሆን ወይ ብላ እንደገና ልትጽፈው ነው። ሽመናው ቀናት በሚፈጅበት ሥራ ይህ ቀን ትንሽ አይደለም።

የሚሠራው መልስ ሁለቱን በአንድ መልእክት ይይዛል፣ ቅደም ተከተሉም ሰላምታ ቀድሞ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርሽ? የትናንቱ ቀሚስ፣ ቁመት 140 አረንጓዴ ጥለት፣ ዛሬ ቀብድ ከላክሽ ለጥምቀት ይደርሳል።» እዚህ ውስጥ «የትናንቱ» የምትለው ቃል ናት ሥራውን የምትሠራው። ወሬው የትኛው እንደሆነ ትሰይማለች፣ ያለፈውንም ከዛሬው ታያይዛለች። ልኩንና ቀለሙን መድገምም ከንቱ አይደለም፤ ስህተት ካለ ደንበኛዋ ሽመናው ሳይጀመር ታርመዋለች። በመካከል ሌሎች መልእክቶች ከገቡ የድሮውን መልእክት ይዞ «መልስ» የሚለውን መጫን ይሻላል፤ ጥያቄው ከመልሱ በላይ አብሮ ይታያል።

«እንዴት አደርሽ» የተባለው በማን ሰዓት ነው? በተጠያቂዋ ሰዓት ነው መሆን ያለበት፤ የሚጠየቀው የእሷ ክፍተት ነውና። ባለሱቋ ጠዋት ላይ ብትሆንም ደንበኛዋ መልእክቱን የምታነበው ከእንቅልፍ ስትነሳ ስለሆነ እዚህ ይገጥማል። በማይታወቅበት ጊዜ «ዋልሽ ልበል አደርሽ?» ማለት የተለመደ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም።

ለትልቅ ሰው ሲሆን ማሳጠር አይቻልም። እናት ወይም አጎት «እንደምን ዋልሽ ልጄ» ብለው ከጻፉ፣ ምንም ያህል አንገብጋቢ ጥያቄ ተንጠልጥሎ ቢቆይ፣ መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት ዋሉ?» ይቀድማል፤ ጉዳዩ በዚያው መልእክት ውስጥ በሁለተኛው መስመር ይከተል። እኩዮች መካከል ግን ወሬው ክፍት ሆኖ ሁለት ሰዓት ብቻ ካለፈ ሰላምታ ባይደገም ይሻላል፤ መድገሙ መራቅ ይመስላል።

ክፍተቱን አስቀድሞ መሸፈንም ይቻላል። ከክፍል ሲወጣ «መጣሁ» የሚል ሰው እየሄደ ነው፤ ቃሉ ግን ወሬው እንዳልተዘጋ ያስታውቃል፣ ሲመለስም ካቆመበት ይቀጥላል። በጽሑፍም ያው ነው። «መጣሁ፣ ደንበኛ ገብቶብኝ ነው» ተብሎ ከተተወ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለ ሰላምታ «ይኸው፣ ዋጋው…» ብሎ መቀጠል ያስኬዳል። «መጣሁ» ተብሎ ሌሊት ካለፈበት ግን ያ ቃል አይበቃም፤ «እንደምን አደርሽ፣ ትናንት መጣሁ ብዬ ቀረሁብሽ» ብሎ መመለስ ያስፈልጋል።