ክኒን፣ መርፌ ወይም ሉፕ ካቆሙ በኋላ እርግዝና መቼ ይመጣል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«መርፌውን ካቆምኩ ስምንት ወር ሆነኝ። እስካሁን አላረገዝኩም። መካን አድርጎኛል ማለት ነው።»

አይደለም። ስምንት ወር ለመርፌ ገና ነው።

የሦስት ወሩ መርፌ፣ ብዙዎቻችን ዲፖ የምንለው፣ ሜድሮክሲፕሮጀስትሮን የሚባል ሆርሞን ነው። ጡንቻ ውስጥ የሚገባው በቀላሉ በማይሟሙ ደቃቅ ቅንጣቶች መልክ ነው። እዚያ እንደ ስንቅ ይቀመጥና ቀስ እያለ እየሟሟ ወደ ደም ይገባል። ደም ውስጥ እስካለ ድረስ አንጎል ለእንቁላል እጢ የሚልከውን ትእዛዝ ያፍናል፤ እንቁላልም አይወጣም። ክኒን ሲቆም ያልቃል፣ ሉፕ ይወጣል። የተወጋን መርፌ ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም። እስኪያልቅ መጠበቅ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጠሮው ላይ ነው። ሦስት ወር የተባለው መድኃኒቱ ከሰውነት የሚጠፋበት ቀን አይደለም። ቶሎ የሚያልቅባትም ሴት ሳትጋለጥ ቀጣዩን እንድትወጋ ታስቦ የተቀመጠ ልክ ነው። ስለዚህ በብዙ ሴቶች ላይ መድኃኒቱ ከቀጠሮው ቀን በኋላም ለወራት ይቆያል።

እስቲ በቀን እንቁጠረው። አንዲት የ31 ዓመት ሴት የመጨረሻውን መርፌ መስከረም 10 ተወጋች እንበል። ቀጣዩ ቀጠሮ ታህሳስ 10 ነበር፤ ልጅ ስለፈለገች አልሄደችም። ጥርና የካቲት ምንም ደም አላየችም። መጋቢት ላይ ሁለት ቀን ጠብታ አየችና «መጣልኝ» ብላ ተደሰተች። ይህ ግን ገና የወር አበባ ላይሆን ይችላል። ሆርሞኑ እየቀነሰ ሲሄድ የሳሳው የማህፀን ሽፋን በዚህ መልክ ሊደማ ይችላል። ሰኔ ላይ የተለመደ መጠን ያለው፣ አራት አምስት ቀን የቆየ ደም መጣ። ከሐምሌው የወር አበባ በፊት ደግሞ ከማህፀን በር የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ክፍል ጠርቶ የሚሳብ ሆነ። ይህኛው ጥሩ ምልክት ነው፤ እንቁላል ሊወጣ መቃረቡን ይናገራል።

እንግዲህ ይህች ሴት «ካቆምኩ» የምትለው ከየትኛው ቀን ነው? ከመስከረም ከቆጠረች ስምንት ወሩ ግንቦት ላይ ይሞላል። ከታህሳስ ከቆጠረች ነሐሴ ላይ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ከመጨረሻው መርፌ ቀን የሚቆጠሩ ናቸው። ለማርገዝ ብለው መርፌ አቁመው ካረገዙት መካከል ግማሾቹ ያረገዙት በ10 ወር ውስጥ ነው። በ12 ወር ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ፣ በ18 ወር ውስጥ ደግሞ ከመቶ 93ቱ አርግዘዋል። ለዚህች ሴት 10 ወሩ ሐምሌ 10 ይሞላል፤ 18 ወሩ የሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ። ግንቦት ላይ «መካን ሆኛለሁ» ብላ ካለቀሰች ከግማሹ መንገድ በፊት ማልቀሷ ነው። ይህን ለቅሶ ያበዛው ደግሞ መርፌውን ሲወጉ ማንም ስለመዘግየቱ አለማስረዳቱ ይመስለኛል። ቀድማ ያወቀች ሴት እንዲህ አትደነግጥም።

«አምስት ዓመት ተወግቻለሁ። ስለዚህ እስኪለቀኝ ዓመታት ይፈጃል።»

መርፌው እየተደራረበ አይሄድም። አዲሱ ሲገባ የቀድሞው እየተሟጠጠ ነው። ስለዚህ መዘግየቱን የሚወስነው የመጨረሻው መርፌ እንጂ የተወጉት ብዛት አይደለም። ሁለት ጊዜ የተወጋችና ሃያ ጊዜ የተወጋች ሴት የሚጠብቁት ጊዜ በዚህ ምክንያት አይለያይም።

አምስት ዓመቱ ለውጥ የሚያመጣው በሌላ በኩል ነው። በ32 ጀምራ በ37 ያቆመች ሴት አምስት ዓመት ጨምራለች። ከ35 በኋላ የእንቁላል ብዛትና ጥራት በግልጽ ይቀንሳል፤ መርፌ ብትወጋም ባትወጋም። ጎረቤት ግን «መርፌው ነው» ይላል። ዕድሜ ሳይታይ ያልፋል፤ መርፌው ግን ስም አለው፣ ይታወሳል።

«እስኪለቅ ዓመት ስለሚፈጅ እስከዚያ መከላከያ አያስፈልገኝም።»

ከላይኛው ፍርሃት ይልቅ ይህ ያሰጋኛል፤ ያልታሰበ እርግዝና የሚመጣው ከዚህ ነውና። 10 ወር የተባለው መሃለኛው ቁጥር ነው። ከዚያ ብዙ ቀድማ የምታረግዝ ሴት አለች። ከቀጠሮው እስከ አራት ሳምንት ዘግይታ የመጣች ሴት መርፌውን ያለ ተጨማሪ ምርመራ መወጋት እንደምትችል የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይፈቅዳል። ከዚያ ካለፈ ግን መተማመኛ የለም።

ደግሞ እንቁላል የሚወጣው ከወር አበባ በፊት ነው። የመጀመሪያውን ደም ሳታይ ያረገዘች ሴት «መርፌው ገና አልለቀቀኝም» እያለች ወራት ልታሳልፍ ትችላለች። ደም ሳይመጣ ጡት ካመመ፣ ከአቅለሸለሸ ወይም ድካም ከበዛ የእርግዝና ምርመራ ማድረግ ነው።

ልጅ የምትፈልገው ከአንድ ዓመት በኋላ ከሆነስ? ቀጣዩን መርፌ ትታ ቀጠሮው በደረሰበት ቀን ወደ ክኒን ወይም ኮንዶም መዞር ይሻላል። ያኔ የመርፌው መድኃኒት ከጀርባ እያለቀ፣ እሷም ሳትጋለጥ ትቆያለች። ይህን አስቀድሞ የሚመክር ሰው ብዙ አላገኘሁም፤ ጠይቁ።

«ክኒን ካቆሙ በኋላ ሰውነት እስኪጸዳ ሦስት ወር መታገስ አለባቸው።»

የሚጸዳ ነገር የለም። የክኒኑ ሆርሞን በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ክኒኑ ካለቀ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ የሚመጣው ደም ሆርሞኑ በመቋረጡ የሚመጣ ነው፤ እውነተኛው የወር አበባ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሁለቱ መካከል ግን እንቁላል ሊወጣ ይችላል። በመጀመሪያው ወር የሚያረግዙም አሉ፤ ለፅንሱ ምንም ጉዳት የለውም። «ጠብቁ» የሚለው ምክር የመጣው አልትራሳውንድ እንደልብ ባልነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ የፅንሱ ዕድሜ የሚሰላው በወር አበባ ቀን ብቻ ስለነበር አንድ ትክክለኛ ደም ማየት ይፈለግ ነበር።

ሦስት ወር ከመጠበቅ ይልቅ ማሰብ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ፣ መሞከር ከመጀመሩ አንድ ወር ቀድሞ፣ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት።

ክኒን ስትወስድ ወር አበባዋ በ28 ቀን የሚመጣ ሴት ስታቆም በ50 ቀን ቢመጣባት ክኒኑን ትወቅሳለች። ግን ከመጀመሯ በፊት እንዴት ነበር? ያ የ28 ቀን ደም የክኒኑ እሽግ የፈጠረው ነው። ብዙ ጊዜ ድሮ የነበረው መዛባት ነው ተመልሶ የሚታየው። ካቆመች ሦስት ወር አልፎ ደም ካልመጣ፣ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፣ ቀጥሎ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን ምርመራ፣ የእንቁላል እጢዎችንም በአልትራሳውንድ ማየት ያስፈልጋል።

«ሉፕ ማህፀን ያበላሻል።»

የመዳብ ሉፕ እንቁላል እንዳይወጣ አያግድም። መዳቡ የወንዱን ዘር ነው የሚያዳክመው። ሴቷ በየወሩ እንቁላል ስትለቅ ቆይታለች፤ ሉፑ በወጣበት ወር ማርገዝ ትችላለች። ሆርሞን ያለው ሉፕ ደግሞ የማህፀን በር ፈሳሽን ያወፍራል፣ ሽፋኑንም ያሳሳል። ሲወጣ ይህ ቶሎ ይመለሳል። ከመርፌው ጋር የሚመሳሰል መዘግየት የለውም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዳልኮን ሺልድ የሚባል ሉፕ ነበር። ክሩ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ስለነበር ጀርም በውስጡ ወደ ማህፀን ይወጣ ነበር፤ ብዙ ሴቶች ተጎድተዋል። አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ በ1974 ቆመ። የዛሬዎቹ ሉፖች ክር ነጠላ ነው። በ2001 የታተመ ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራ ጥናት ደግሞ ልጅ ያልወለዱ ሴቶችን አወዳድሮ ከማህፀን ቱቦ መዘጋት ጋር የተያያዘው የመዳብ ሉፕ ሳይሆን ያለፈ የክላሚዲያ ኢንፌክሽን መሆኑን አሳይቷል።

እውነተኛው ጥንቃቄ ያለው ሲገባ ነው። ሴትዮዋ ሳታውቀው ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ካላት፣ ሉፑ ሲገባ ጀርሙ ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል። አደጋው ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው። በእነዚያ ቀናት የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ ሳይውል ሳያድር መታየት ነው።

ልጅ ሳትፈልግ ሉፕ የምታስወጣ ሴትም አንድ ነገር ልብ ትበል። የወንድ ዘር በሰውነቷ ውስጥ እስከ አምስት ቀን ይኖራል። ሰኞ ግንኙነት አድርጋ ረቡዕ ሉፑን ብታስወጣ ልታረግዝ ትችላለች። ከማስወጣቷ ሰባት ቀን ቀደም ብላ ኮንዶም ትጠቀም፣ ወይም ከግንኙነት ትቆጠብ።

«ዓመት ሳይሞላ ሐኪም ጋ መሄድ ዋጋ የለውም።»

ከ35 በታች ለሆነች፣ ወር አበባዋም ለተስተካከለ ሴት አንድ ዓመት መሞከር ልክ ነው። ከ35 በላይ ከሆነች ግን ስድስት ወር ይበቃል። ወር አበባ ከተዛባ፣ የማህፀን ኢንፌክሽን ታሪክ ካለ ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ከነበረ ደግሞ መቆየት አያስፈልግም። መርፌ ያቆመች ሴት መዘግየቱን አብራ ታስብ፤ ዕድሜዋ ገፍቶ ከሆነ ግን መርፌው እስኪለቅ ብላ ዓመት ተኩል አትቀመጥ።

ሲሄዱም ሁለቱም ይሂዱ። ችግሩ ከወንዱ በኩል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እሱ ደግሞ ክኒንም መርፌም አልወሰደም። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው፤ ሕመምም የለውም። ናሙናው የሚሰጠው ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ነው። ሴቷ ቱቦ የሚያሳየውን ራጅ ከመነሳቷ በፊት ይህ ይቅደም።