የቀረጻ ቦታ መረጣና ፈቃድ፦ አጭር ፊልም በተጨናነቀ ከተማ

የቀረጻ ቦታ መረጣ ፊልም ከስቱዲዮ ውጭ የሚቀረጽባቸውን መንገዶች፣ ቤቶችና ሱቆች አስቀድሞ የመፈለግ፣ የመመዘንና ለመጠቀም የሚያስፈልገውን ፈቃድ የማግኘት ሥራ ነው። በትልልቅ ፊልሞች ሥራውን ሎኬሽን ማናጀር ይመራዋል፤ በአጭር ፊልም ግን አብዛኛውን ጊዜ ፕሮዲዩሰሩ ወይም ዳይሬክተሩ ራሱ ደርቦ ይሠራዋል። የሠራው ሰው ስም በፊልሙ መጨረሻ በትንሽ ፊደል ያልፋል እንጂ፣ የቀረጻው ቀን ሳይስተጓጎል መዋሉ በአመዛኙ የእሱ ትጋት ውጤት ነው።

በፊልም መጀመሪያ ዘመን ፈቃድ የሚባል ነገር ብዙም አያስጨንቅም ነበር። የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ሊዮን ውስጥ ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ የቀረጹት በገዛ ፋብሪካቸው በር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የስቱዲዮው ዘመን ቀረጻውን ወደ ቤት አስገባው።

ቀረጻው እንደገና ወደ ከተማ መንገድ ሲወጣ ግን ፈቃድ ጉዳይ ሆነ፤ በዚህ ረገድ በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው የኒው ዮርክ ታሪክ ነው። እዚያ መንገድ ላይ መቅረጽ የፈለገ ሰው ከበርካታ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዱን ፈቃድ ለየብቻ ይለምን ነበር፤ ጉዳዩን ለማስፈጸም እጅ መንሻ ይጠየቅ እንደነበርም ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1966 ከንቲባ ጆን ሊንድሴ ለፊልም ጉዳይ የሚሆን አንድ ጽሕፈት ቤት አቋቋሙና ፈቃዱ ከአንድ መስኮት የሚወጣ ሆነ። ቀረጻን የሚያጅብ ልዩ የፖሊስ ክፍልም በዚያው ዓመት ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከተማዋ አዲስ ደንብ አረቀቀች፤ በረቂቁ መሠረት ሁለት ሰዎች እንኳ በአንድ ቦታ ካሜራ ይዘው ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆዩ ፈቃድና የ1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት መድን ይጠየቁ ነበር። ከፍተኛ ተቃውሞ ስለገጠመው ረቂቁ ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በጸደቀው ደንብ በእጅ የሚያዝ ካሜራ ወይም ትሪፖድ ብቻ የሚጠቀም፣ ቦታውንም ለብቻው ካልያዘ በስተቀር ፈቃድ አያስፈልገውም። ብዙ ከተሞች ወሰኑን የሚያሰምሩት እዚሁ አካባቢ ነው፤ ጥያቄው ካሜራው ምን ያህል ትልቅ ነው ሳይሆን እግረኛ ማለፍ ይችላል ወይ የሚል ነው።

አሠራሩን ለማየት አንድ ትዕይንት እንውሰድ። ሁለት ተዋናዮች በአንዲት ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ተገናኝተው ይነጋገራሉ፤ ከዚያ አብረው ይገባሉ። ስክሪፕቱ ሁለት ገጽ ነው። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሚሆን ተመልካች የሚያየው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለቀረጻው ግን ግማሽ ቀን መያዝ አለበት። ስለዚህ ቦታው የሚመዘነው በአንድ ቅጽበት መልኩ ሳይሆን በግማሽ ቀን ውስጥ በሚያሳየው ለውጥ ነው።

መጀመሪያ ብርሃኑን እንመልከት። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ትጓዛለች። የሱቁ ፊት ወደ ምሥራቅ የዞረ ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተዋንያኑ ፊት ፀሐይ ይመታዋል፤ ወደ ቀትር ሲቃረብ ግን ደጃፉ ጥላ ይሆናል። የአንደኛው ተዋናይ ንግግር በፀሐይ፣ የሌላው መልስ በጥላ ተቀርጾ ሲቀናበር ሁለቱ በአንድ ሰዓት የተነጋገሩ አይመስሉም። ለጠዋት ቀረጻ ወደ ምዕራብ የዞረ ሱቅ ይሻላል፤ ደጃፉ እስከ ቀትር በእኩል ጥላ ውስጥ ይቆያልና። ይህን ለማወቅ የስልክ ኮምፓስ ይበቃል። ሆኖም ቀረጻው በታሰበበት ሰዓትና የሳምንቱ ቀን ሄዶ ማየትን የሚተካ ነገር የለም፤ እሑድ ጭር ያለ መንገድ ማክሰኞ ሌላ መንገድ ነው።

ከብርሃን ይልቅ ብዙ አጭር ፊልሞችን የሚጥለው ድምፅ ነው። ጆሮ የለመደውን ጫጫታ ያጣራል፤ ማይክሮፎን ግን አያጣራም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ቦታው ላይ ቆመው ሁለት ደቂቃ ያህል ድምፅ ይቀዱና በጆሮ ማዳመጫ መልሰው ይሰሙታል። ያን ጊዜ ጥግ ላይ ያለው አውቶቡስ ማቆሚያ፣ የጎረቤቱ ጀነሬተር፣ የሱቁ ፍሪጅ እየለየ ይወጣል። አውቶቡሱን ማስቆም አይቻልም፤ በሁለት አውቶቡሶች መካከል ስንት ደቂቃ ጸጥታ እንዳለ መቁጠር ግን ይቻላል። ፍሪጁ በባለቤቱ ፈቃድ ለጊዜው ይጠፋል። የጠፋ ፍሪጅ ተረስቶ የሰው ሸቀጥ እንዳይበላሽ የቡድኑን መኪና ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ማስቀመጥ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቁልፉን ሳያወጣ የሚሄድ ሹፌር የለም።

ፈቃዱ የሚጠየቀው ከአንድ ሰው አይደለም። ካሜራው የሚቆምበት የእግረኛ መንገድ የማዘጋጃ ቤቱ ወይም የመንገድ ባለሥልጣኑ ነው። ሱቁን የያዘው ተከራይ ቢሆንም፣ የኪራይ ውሉ የሕንፃውን ባለቤት ስምምነት ሊጠይቅ ይችላል። ተደጋግሞ የሚታየው ጥፋት በዕለቱ ሱቁ ውስጥ ከተገኘው ሻጭ የቃል እሺታ ተቀብሎ መሄድ ነው። በቀረጻው ቀን ሌላ ተረኛ ይቆማል፤ ስለ ፊልም የሰማው ነገር የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው “የመፈረም ሥልጣን ያለው ማን ነው?” የሚለው ነው።

ከባለቤቱ ጋር የሚፈረመው ውል ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ቀኑን፣ የዝናብ ተለዋጭ ቀኑን፣ ዕቃ መዘርጊያና መሰብሰቢያ ጊዜን የጨመረ ሰዓት፣ የትኛው ክፍል እንደሚቀረጽ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠግን፣ ምስሉንም ያለ ጊዜ ገደብ ማሳየት እንደሚቻል ይጽፋል። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ፊልሙን የሚገዛ ጣቢያ ግን ወረቀቱን ይጠይቃል። ለማዘጋጃ ቤቱ በሚገባው ደብዳቤ ላይ የሰው ብዛት፣ የመኪና ብዛት፣ የትዕይንቱ ይዘትና በእጅ የተነደፈ የቦታው ንድፍ ይያያዛል። በንድፉ ላይ ካሜራው የት እንደሚቆምና እግረኛ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከታየ፣ ፈቃድ ሰጪውን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ተመልሶለታል። በትዕይንቱ ውስጥ የውሸት መሣሪያ፣ ጠብ ወይም ጩኸት ካለ ፖሊስ አስቀድሞ ማወቁ ግዴታ ነው፤ ፕላስቲክ ሽጉጥ ከሩቅ ፕላስቲክ አይመስልም።

በመንገደኞች ጉዳይ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአንዳንድ ቦታ አደባባይ ላይ ያለፈ ሰው በምስል ቢገባ አያስከስስም፤ በሌላ ቦታ ፊቱ ጎልቶ ከታየ ስምምነቱ ያስፈልጋል። የተለመደው መፍትሔ በመንገዱ ሁለት ጫፍ ማስታወቂያ መለጠፍና በካሜራው አቅራቢያ የሚያልፉትን ሰዎች ከራስ ወገን ማሰለፍ ነው። ያለ ፈቃድ ፈጥኖ ቀርጾ መሄድስ? ለአንድ ሾት ይሠራል የሚሉ አሉ፤ ምናልባትም ይሠራል። ለንግግር ትዕይንት ግን አይሠራም፤ በግማሹ ከተባረሩ የተቀረጸው ግማሽ ብቻውን አያገለግልም።

ከቀረጻው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት አንድ ሰው ወደ ቦታው ይመለሳል። የሚፈልገው አዲስ የቆመ ስካፎልዲንግ፣ የተቆፈረ መንገድ፣ የተቀየረ የሱቅ ታፔላ ነው። የሱቁንም ውስጥ በየማዕዘኑ ፎቶ ያነሳል፤ ዕቃው ወደ ቦታው የሚመለሰውም፣ “ይህ ጭረት የእናንተ ነው” የሚል ክርክር ቢነሳ የሚዳኘውም በዚያ ፎቶ ነው። በማግስቱ ንጋት ላይ የቡድኑ መኪናዎች ቀድመው መጥተው በምስሉ ውስጥ የሚገባውን የመንገድ ዳር ይይዛሉ፤ የማያውቁት ሰው መኪና በሁለት ሾቶች መካከል ተነሥቶ ቢሄድ ትዕይንቱ አይገጥምም።