መጋዘኑ ዓባይ በረሃ ላይ ሲወድቅ፦ ስለ ስበት ማዕከል ዘዴ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቀመሩ የሰጠን ነጥብ የማጓጓዣ ወጪው ከሁሉም ቦታ የሚያንስበት ነው»

ብዙ ጊዜ አይደለም። አንድ አከፋፋይ በሳምንት 60 መኪና ዕቃ ለአዲስ አበባ፣ 40 መኪና ደግሞ ለባሕር ዳር ያደርሳል እንበል። መጋዘኑ የት ይሁን የሚለውን ለመመለስ የስበት ማዕከል ዘዴ የየከተማውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በጭነቱ ያባዛል፣ ይደምራል፣ ለጠቅላላው ጭነት ያካፍላል። ኬክሮሱን ብናይ፦

```
(60 × 9.03 + 40 × 11.59) ÷ 100 = 10.05
```

ኬንትሮሱም በዚሁ ስሌት 38.20 ይመጣል። ካርታ ላይ ፈልጉት፤ ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ገደሉን ለጊዜው እንተወውና ርቀቱን ብቻ እንቁጠር። በቀጥታ መስመር ሁለቱ ከተሞች 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ነጥቡ ከአዲስ አበባ 128፣ ከባሕር ዳር 192 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። መኪኖቹ በሳምንት መሄጃውን ብቻ 15,360 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ ማለት ነው። መጋዘኑ እዚያው አዲስ አበባ ቢሆን ግን 40 መኪና 320 ኪሎ ሜትር ይሄድና 12,800 ላይ ያበቃል። ቀመሩ የሚያሳንሰው የርቀቶቹን ካሬ ድምር ስለሆነ ነው። ካሬ ሩቁን ደንበኛ ያገዝፈዋል፣ ነጥቡንም ወደ እሱ ይስበዋል፤ የመኪና ኪራይ ግን በካሬ የሚከፍል ሰው የለም። ርቀቱን ራሱን ለማሳነስ መልሱን በየዙሩ እያሻሻለ የሚሄድ፣ ከ1937 ጀምሮ የሚታወቅ የቫይስፌልድ ስሌት አለ።

«የምንሸጥባቸውን ከተሞች ካስገባን ይበቃል»

ዕቃው ራሱስ ከየት ይመጣል? 100ውም መኪና ከጅቡቲ ወደብ የሚጫን ከሆነና እሱን ከጨመራችሁ ነጥቡ ተነሥቶ አፋር ውስጥ፣ ገዋኔና ሚሌ መካከል ያርፋል።

«መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ርቀቱን በአንድ ቁጥር ማባዛት ነው»

ሁሉም ርቀት በአንድ ቁጥር ከተባዛ ድምሩ ያድጋል እንጂ ነጥቡ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ችግሩ ኪሎ ሜትር ሁሉ እኩል አለመሆኑ ነው። ዓባይ በረሃ ላይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል፤ የተጫነ ተሳቢ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣበትን ነዳጅና ፍሬን ቀመሩ አያውቀውም። የመሬት ሊዝ፣ መብራት፣ የሚቀጠር ሠራተኛ፣ ባዶውን የሚመለስ መኪናም እንደዚያው።

የሞጆ ደረቅ ወደብን ተመልከቱ። እዚያ ዋጋ ያለው የጅቡቲ መንገድ፣ የሐዋሳ መንገድና የባቡሩ መስመር በቅርብ መገናኘታቸው ነው፤ ይህ ደግሞ በኬክሮስና በኬንትሮስ አማካይ አይወጣም። ስለዚህ እኔ ብሆን ነጥቡን የት አካባቢ ልፈልግ ለሚለው ብቻ እጠቀምበታለሁ። ከዚያ መንገድና መብራት ያላቸውን ሦስት አራት ከተሞች እመርጥና ለእያንዳንዳቸው የደርሶ መልስ ኪራዩን ባለመኪኖቹን ራሳቸውን እጠይቃለሁ፣ የሊዙንም ዋጋ እጨምርበታለሁ።