«ነፍስ ይማር»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና የቀብር መዝሙር ልኩ

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ልቅሶ የሚደርስ ሰው ሁለት ቃል ይዞ ይሄዳል። ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል። ከሐዘንተኞቹ ጋር ጥቂት ተቀምጦ፣ ከንፍሮው ዘግኖ ሲነሣ ደግሞ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይወጣል። የመጀመሪያው ለቆሙት ነው፣ ሁለተኛው ለሄደው።

«ነፍስ ይማር» ሁለት ቃል ብቻ ቢሆንም ሙሉ ጸሎት ነው። የሚምረው ማን እንደሆነ አልተጠራም፤ ሰሚው ሁሉ ስለሚያውቀው መጥራት አላስፈለገም። ክብደቱ ያለው ግሱ ላይ ነው። «ይማር» የልመና ቅርጽ ነው፤ «ይምራል» ቢባል ትንቢት፣ «ምሯል» ቢባል ደግሞ ፍርድ ይሆን ነበር። ተናጋሪው የሚመኘውንና የሚለምነውን ይናገራል እንጂ የተፈጸመውን አይመሰክርም፣ አላየምና።

ቃሉ ከግእዙ «መሐረ» የመጣ ነው። በቅዳሴና በምሕላ ደጋግመን የምንለው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ከዚሁ ግስ ነው። ግእዙ ሲለምን «ይምሐር» ይላል፤ አማርኛ ሐመሩን ሐ ከጉሮሮው አውጥቶ ሲጥለው «ይማር» ቀረ። ትምህርት የሚገኝበት «ተማረ» ግን ሌላ ነው፤ እርሱ በሃሌታው ሀ ከሚጻፈው «መሀረ» የወረደ ነው። በአማርኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም «ምሕረት» እና «መምህር» ሲጻፉ ልዩነታቸው እስከ ዛሬ ይታያል።

ይኸው ግስ ለሕያውም ይሠራል። ለታመመ ሰው «እግዜር ይማርህ» እንላለን፤ ላስነጠሰ «ይማርህ» ስንል እርሱም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። የሚለየው «ነፍስ» የምትለው ቃል ናት። እርሷ ከገባች ንግግሩ ለሞተ ብቻ ነው፤ ለቆመ ሰው «ነፍስ ይማር» ማለት ሟርት ሆኖ ይቆጠራል። በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤትም ሲባል የምንሰማው «አላህ ይማረው» በዚያው የልመና ቅርጽ የቆመ ነው።

ይህን ሁሉ ማንሣታችን ለቀብር መዝሙር ሲባል ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማርያን ለቀብር የሚሆን የአማርኛ መዝሙር ሲያዘጋጁ ብዙ ጊዜ የሚስቱት ግሱን ነው። ሐዘንተኛን ማጽናናት ስለሚፈልጉ ልመናውን ወደ ምስክርነት ይለውጡታል። ለአንዲት እናት ቀብር እንዲህ ተብሎ ተጻፈ እንበል፦

እናታችን ገባሽ ከሰማይ እልፍኝ፣
ከእንግዲህ ለምን እንባ፣ ለምን ሐዘን ይገኝ።

ዜማው ቢያምርም እዚህ ሁለት ስንኞች ውስጥ ሁለት ስሕተት አለ። የመጀመሪያው «ገባሽ» ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት የጻድቃን ነፍሳት እስከ ዳግም ምጽአት በገነት ይቆያሉ፤ መንግሥተ ሰማያት የምትወረሰው ከትንሣኤ ሙታን በኋላ ነው። ስለዚህ «መንግሥተ ሰማያት ገባሽ» ማለት ጊዜውን ያፋልሳል። «ገነት ገባሽ» ብለን ብናስተካክለውም ችግሩ አይፈታም፤ ቤተ ክርስቲያን ቅድስናቸውን ካወጀችላቸው በቀር የአንድን ሰው ነፍስ ማረፊያ ዘማሪ አይወስንም። በመስቀል ላይ ለነበረው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ያለው ራሱ ጌታ ነው፣ ከሥር የቆሙት ሰዎች አይደሉም። ነገሩ የተቆረጠ ቢሆን ኖሮ ፍትሐቱ፣ አርባውና ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ሁሉ ምን ይለምኑ ነበር?

ሁለተኛው ስሕተት እንባን መከልከሉ ነው። ሐዋርያው ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ብሎ ነው። ያለ ተስፋ ማዘንን ከለከለ እንጂ ማዘንን አልከለከለም። በአልዓዛር መቃብር ዘንድ «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ ማለት ነው። እናቷን ገና አፈር እያለበሰች ያለች ልጅ «ለምን እንባ» ተብሎ ሲዘመርባት ከሐዘኗ በላይ በማዘኗ ታፍራለች።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ስንኞቹን ከሟቿ ወደ እግዚአብሔር አዙሮ፣ ግሱን ወደ ልመና መመለስ፦

እናታችንን ጌታ አግባት ከእልፍኝህ፣
እንባችን ይድረስልን ከምሕረት ደጅህ።

እንባው እዚህ አልተከለከለም፤ የሚሄድበት ተሰጠው። ግን ሁሉም ስንኝ ልመና ከሆነ መዝሙሩ ይዝላል፤ ሐዘንተኛ የሚይዘው ጽኑ ነገርም ይፈልጋል። እዚህ ላይ ያለ ፍርሃት በሙሉ አፍ የሚነገር ነገር አለ። ትንሣኤ ሙታን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ ነው፤ ጌታም «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ብሏል። ስለዚህ ስለ እርሱ ሲሆን «ነህ»፣ «ይነሣሉ» ማለት ተገቢ ነው፦

ትንሣኤ አንተ ነህ፣ ሕይወትም አንተ ነህ፣
ሙታን ይነሣሉ ሲጠራ ድምፅህ።

ልኩ ይኸው ነው፦ ስለ ክርስቶስ የሚነገረው በእርግጥ፣ ስለ ሟቿ የሚነገረው በልመና። ተዘጋጅቶ የመጣን ግጥም ለመመርመር ሟቿ ባለቤት የሆነችባቸውን ግሶች ብቻ ማስመር ይበቃል። «ወርሳለች»፣ «አርፋለች»፣ «መልአክ ሆናለች» የሚሉ ከተገኙ «ያውርሳት»፣ «ያሳርፋት» ተብለው ይለወጣሉ። «መልአክ ሆናለች» የሚለው ግን ወደ ልመና ቢለወጥም አይድንም፤ ሰው በትንሣኤ እንደ መላእክት ይሆናል ተባለ እንጂ መልአክ ይሆናል አልተባለም። እርሱ ይሰረዛል።

የልመናው ቅርጽ ሌላም ጥቅም አለው። ዛሬ ለአንዷ «ገባሽ» ብሎ የዘመረ ቡድን ነገ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ የኖረ ሰው ቀብር ላይ ይቆማል። ያን ስንኝ ቢደግመው ራሱ አያምንበትም፤ ቢዘለው ደግሞ መዝለሉ ራሱ ፍርድ ሆኖ የሟቹ ቤተሰብ ጆሮ ውስጥ ይገባል። «አግባው» የሚለው ግን በደጉም በበደለኛውም አስከሬን ፊት ሳይለወጥ ይዘመራል። የሚለወጠው ስሙ ብቻ ነው፤ እርሱም የክርስትና ስም ነው፣ ጸሎቱ ነፍሱን የሚጠራው በዚያ ነውና። ስሙን ከቀብሩ በፊት ከቤተሰብ ጠይቆ በወረቀት መያዝ ያስፈልጋል፤ ግቢው ውስጥ በዚያ ሁሉ ልቅሶ መካከል ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ሰው ይጠፋል።

ስለ ዜማው ብዙ አንልም። የሚያለቅስ ሰው ትንፋሹ አጭር ስለሆነ የስንኙ እኩሌታ በአንድ ትንፋሽ ማለቅ አለበት፤ ሕዝቡ የሚቀበለውም አንድ ስንኝ ብቻ ይሁን። ጥንቃቄ የሚፈልገው መሪው ነው። ልቅሶው ሲበረታ ልቡ ይነካና «አግባት» የሚለውን ሳያስበው «ገብታለች» ይለዋል፤ ተቀባዩም ይከተለዋል። ለዚህ የሚረዳው ግሱን በሕዝቡ መቀበያ ስንኝ ላይ ማድረግ ነው። ሦስት ጊዜ ያህል አብሮ የተቀበለ ሕዝብ መሪው ቢስት እንኳ አይስትም።

ቋንቋው ይህን ልክ ከድንኳኑም በኋላ አይለቅም። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሙት ዓመቱ አልፎ፣ ሃያ ዓመት ቆይቶም ልጅ ስለ እናቷ ስታወራ «እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጨው ትወድ ነበር» ትላለች። «ነፍሷን የማራት እናቴ» ስትል ግን አትሰማም።