ከጥሪ ሥራ ወደ ወርሃዊ ውል፦ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ጥገና በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ በስልክ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ በጥበቃው ቤት ግድግዳ ላይ በእርሳስ ተጽፎ ይቆያል። ሶኬት ሲጨስ ወይም ግማሹ ፎቅ ሲጨልም ይደወልለታል፤ መጥቶ ይሠራል፤ በእጅ ዋጋው ላይ ተከራክሮ ይቀበልና እስከሚቀጥለው ብልሽት ይረሳል። ወርሃዊ የጥገና ውል ይህንኑ ሙያ በሌላ መልክ የሚሸጥ አሠራር ነው። ባለሙያው በተወሰነ ቀን ይመጣል፣ ይመረምራል፣ የላላውን ያጠብቃል፣ ይመዘግባል፤ ብልሽት ሲፈጠርም በተስማሙበት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፤ ክፍያው ግን በየወሩ አንድ ዓይነት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአከፋፈሉ ይልቅ በጥቅሙ አቅጣጫ ላይ ነው። በጥሪ ሥራ ባለሙያው የሚተዳደረው በብልሽት ነው። በውል ሥራ እያንዳንዱ ብልሽት ከራሱ ጊዜ ላይ የሚቀነስ ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ብልሽት ከመፈጠሩ በፊት ማግኘትን ያልተማረ ሰው፣ እጁ የቱንም ያህል የተባ ቢሆን፣ በውል ሥራ ይከስራል።

ደንበኞቹ ባብዛኛው መካከለኛ ሕንፃዎች ናቸው፦ ከታች ሱቅና ምግብ ቤት፣ ከላይ ቢሮ ያላቸው፣ ክሊኒኮች፣ የግል ትምህርት ቤቶች፣ የእንግዳ ማረፊያዎች። ኮንዶሚኒየሞችም አሉ፤ በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር የጋራ የሆነውን ክፍል የማስተዳደር ኃላፊነት ስላለበት የደረጃ መብራት፣ የውኃ ፓምፕና የመሳሰለው ጥገና የእርሱ ጉዳይ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ተቋም ጋር ለመዋዋል የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ (በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው)፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ያስፈልጋሉ። ብዙ ጥሩ ባለሙያዎች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ደረሰኝ ካልቀረበለት የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ወጪውን የሚያወራርድበት መንገድ ስለሌለው ሥራው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ውል ከመፈረሙ በፊት ሕንፃውን መለካት ይገባል። ይህን የዘለለ ሰው የሌላውን የዓመታት ስህተት በራሱ ስም ይረከባል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ከምድር ቤቱ አንድ ምግብ ቤትና ሦስት ሱቆች፣ ከላይ ቢሮዎች። ቅሬታው የተለመደ ነው፤ ዋናው ብሬከር አልፎ አልፎ ምሳ ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ ቀደም ሲል የተጠሩት ባለሙያዎች መልሰው አንስተው ሄደዋል፤ አንዱማ ብሬከሩን በትልቅ ለመቀየር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ አደገኛ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነውና ገመዱ ሳይቀየር ብሬከሩ ቢተልቅ መጀመሪያ የሚቃጠለው ገመዱ ይሆናል።

ባለሙያው ምሳ ሰዓት ላይ ጅረት የሚለካ ክላምፕ ሜትር ይዞ ዋናውን ማከፋፈያ ሳጥን ይከፍታል። ኃይል ከሚያስገቡት ሦስት መስመሮች በቀዩ ፌዝ 62፣ በቢጫው 28፣ በሰማያዊው 35 አምፔር ያገኛል። ጅረቱ በሚመለስበት መስመር፣ በኒውትራሉ ላይ፣ 31 አምፔር ገደማ ይነበባል። ሦስቱ ፌዞች እኩል ቢጫኑና ጭነታቸው ተራ ማሞቂያና መብራት ቢሆን ኖሮ በኒውትራሉ ውስጥ የሚመለስ ጅረት ከዜሮ ብዙም ባልራቀ ነበር። እዚህ ግን የምግብ ቤቱ ሁለት የእንጀራ ምጣዶች በቀዩ ፌዝ ላይ ተደርበዋል። 3.5 ኪሎዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ለአንድ ሶኬት ብዙ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ፌዝ ላይ ሲሆኑማ ይብሳል። የሠራው ሰው ምናልባት ባዶ ብሬከር ያገኘው እዚያ ብቻ ስለነበር ይሆናል።

አንዱ ምጣድ ወደ ቢጫው ፌዝ ሲዛወር ንባቡ 46፣ 44 እና 35 ይሆናል፤ የኒውትራሉ ጅረትም ወደ 10 አምፔር ይወርዳል። ዝውውሩ የሚሠራው ኃይል ተቋርጦ፣ ብሬከሩ ተቆልፎ፣ ገመዱ ባዶ መሆኑም በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ምጣዱ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል፤ ገመዱም ለሶኬት ከተለመደው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ወፈር ያለ፣ 4 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ይመረጣል። ሁሉም ነገር ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ብሬከሩ መውረዱን ያቆማል፤ የምሳ ሰዓት ጥሪዎችም አብረው ይቀራሉ።

ከጅረቱ መጠን በላይ የሚያሳስበው የኒውትራሉ ማያያዣ መላላቱ ነው። ኒውትራል ሙሉ በሙሉ ሲለቅ በፌዞች መካከል ያለው 380 ቮልት እንደ ጭነቱ ይከፋፈላል፤ ጥቂት ዕቃ የበራበት ፌዝ ከ220 እጅግ የበለጠ ቮልት ይደርሰዋል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሦስት ቢሮ ኮምፒውተሮችና አንድ ማቀዝቀዣ አብረው ከተቃጠሉ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። አስቀድሞ የሚታይ ምልክት አለው፦ አንዱ ሱቅ ምጣድ ሲያበራ የእርሱ አምፑል ይደበዝዛል፣ የጎረቤቱ ደግሞ ከወትሮው ይበልጥ ይፈካል። ተከራዮች ይህን «መብራቱ ይጫወታል» ብለው ያልፉታል። የውል ባለሙያ ግን በመጀመሪያው ጉብኝት ተከራዮችን ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ወርሃዊው ጉብኝት ከዚህ የተነሳ ለተመልካች አሰልቺ ነው። ሳጥኑ ተከፍቶ ቀለሙ የቀየረ የገመድ ሽፋን፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ከጎረቤቶቹ የበለጠ የሚሞቅ ብሬከር ይፈለጋል። ሙቀትን በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ይረዳል፤ ሆኖም በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ዝቅ ያለ ንባብ ስለሚያሳይ ልኬቱ በብሬከሩ ፕላስቲክ አካል ወይም በገመዱ ሽፋን ላይ ቢወሰድ ይሻላል። ከዚያ ኃይል ተቋርጦ ብሎኖቹን ማጥበቅ ይከተላል። ወደ ሕንፃው የሚገባው ገመድ አሉሚኒየም ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ አሉሚኒየም በግፊት ሥር ቀስ በቀስ ስለሚሸሽ ዛሬ የጠበቀው ከወራት በኋላ ይላላል፤ ከመዳብ ጋር በቀጥታ ሲጋጠም ደግሞ በዝገት ይበላል፤ ለዚህ የተሠራ የመዳብና የአሉሚኒየም ማገናኛ ያስፈልገዋል። ከልክ በላይ ማጥበቅም ብሎኑን ያበላሻል፤ ካቻቢቴ እስኪጮህ ማጥበቅ ጉብዝና አይደለም።

ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ግን የባለሙያው አይደለም። የቆጣሪው ማኅተም፣ ወደ ምሰሶው የሚሄደው መስመርና ትራንስፎርመሩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረቶች ናቸው። ከውጪ አንድ ፌዝ ሲቆረጥ ባለሙያው በቆጣሪው መውጫ ላይ ለክቶ ማስረዳትና ማመልከት ይችላል፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ይህ ወሰን በውሉ ላይ ካልተጻፈ የሕንፃው ባለቤት የሰፈር መብራት በጠፋ ቁጥር «ውል አለን አይደል?» ማለቱ አይቀርም።

ዋጋ የሚወጣው ከሰዓት ነው። በምሳሌው ሕንፃ በወር ሁለት ጉብኝት እያንዳንዱ አራት ሰዓት ቢፈጅ 8 ሰዓት ይሆናል። ካለፉት ስድስት ወራት የጥሪ ማስታወሻ ዘጠኝ ድንገተኛ ጥሪዎች ተገኝተዋል እንበል፤ እያንዳንዱ ከመንገዱ ጋር ሦስት ሰዓት ቢወስድ 27 ሰዓት፣ በወር 4.5 ሰዓት ይደርሳል። ዕቃ ለመግዛትና ለመዝገብ 1.5 ሰዓት ሲጨመር ድምሩ 14 ሰዓት ነው። ይህ በሰዓቱ ዋጋ ተባዝቶ መጓጓዣና የመሣሪያ መተኪያ ይታከልበታል። ጀማሪ የሚሳሳተው ጉብኝቱን ብቻ ቆጥሮ ስምንቱን ሰዓት ሲሸጥ ነው። ሌሊትና በዓል ቀን የሚመጣ ጥሪ ለብቻው ቢዋዋሉበት ይሻላል፤ አለዚያ የፋሲካ ዋዜማ፣ ሁሉም ምጣዱን በሚያበራበት ሰዓት፣ የባለሙያው ስልክ ዕረፍት አያገኝም።

የዕቃ ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት፤ ብዙ ውል የሚፈርስበት እርሱ ነውና። በጥሪ ሥራ ባለሙያው ከመርካቶ ከገዛው ብሬከር ላይ ጥቂት ማትረፉ በዝምታ የሚታለፍ ልማድ ነው። በወርሃዊ ውል ይህ ልማድ አይዘልቅም፤ የንብረት ኃላፊው አንድ ቀን ራሱ ዋጋ ጠይቆ ይመጣል። የሚሠራው መንገድ ብሎን፣ የመጠቅለያ ቴፕና ትንንሽ ማገናኛዎችን በወርሃዊው ክፍያ ውስጥ ማካተት፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደንበኛው በደረሰኝ እንዲገዛ ማድረግ ነው። የተነሳው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የተቃጠለውን ብሬከር በዓይኑ ያየ ሰው ስለ ዋጋው ብዙ አይከራከርም። ሐሰተኛ የምርት ስም ያለበት ብሬከር ገበያ ላይ ስላለ ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛ መመዝገብም ይጠቅማል።

ጀነሬተርና የውኃ ፓምፕ ባሉበት ሕንፃ ሁለቱም በውሉ ውስጥ ይገባሉ። ጀነሬተር አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። በየሳምንቱ ለሙከራ ማስነሳቱ መልካም ሆኖ፣ የናፍጣ ጀነሬተርን ያለ ጭነት ለረጅም ጊዜ ማስኬድ ግን ያልተቃጠለ ነዳጅና ጥላሸት ያጠራቅምበታል፤ ስለዚህ ሙከራው እውነተኛ ጭነት ተሸክሞ ቢሆን ይመረጣል። ዘይቱ የሚቀየረው በቀን መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን በሰዓት ቆጣሪው ነው። ፓምፑን የሚገድለው ደግሞ ባብዛኛው ውኃ በሌለበት መሽከርከሩ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የታችኛው ማጠራቀሚያ ተንሳፋፊ መቆጣጠሪያ በየጉብኝቱ በእጅ ተነስቶ መፈተሽ አለበት።

አንድ ባለሙያ ከረዳት ጋር ስንት ሕንፃ ይይዛል? በሰዓት ስሌት አሥርና ከዚያም በላይ ይመስላል። ክረምት ግን ስሌቱን ያፈርሰዋል። በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድ በወረደ ማግስት ጥሪው በአንድ ጊዜ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ፣ በእኔ ግምት ስድስት ወይም ሰባት ሕንፃ ያለው ሰው ሞልቶለታል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ሁለተኛ ብቁ ሰው ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ደንበኛው የሚያምነው አንደኛውን ነው።

ይህን የሚፈታው በእያንዳንዱ ሕንፃ ዋና ሳጥን በር ውስጥ የሚቀመጥ ተራ ደብተር ነው። ቀን፣ የሦስቱ ፌዝና የኒውትራል ንባብ፣ የተሠራው፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የሠራው ሰው ፊርማ ይጻፍበታል፤ በሽፋኑ ውስጥ የየትኛው ብሬከር መስመር የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ዝርዝር ይለጠፋል። አዲሱ ባለሙያ ቅዳሜ ማታ ተጠርቶ ሲመጣ ከጥበቃው ቁልፉን ይቀበልና በሩን ይከፍታል፤ ባለፈው ወር ቢጫው ፌዝ 44 እንደነበረ ያነባል፤ ክላምፑን ሲያስገባ 71 ያገኛል። ያኔ ፍለጋውን የሚጀምረው ከየትኛው ፌዝ እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።